የብሪታንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ወሰን ለውጥ፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ምን ተለወጠ፣ ምንስ አልተለወጠም?



በብሪታንያ የሚሠራ ነጋዴ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የመመዝገብ ግዴታ የሚወድቅበት የሽያጭ ወሰን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከ85,000 ፓውንድ ወደ 90,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ቀድሞ የተመዘገበው ነጋዴ ምዝገባውን ለማሰረዝ የሚችልበት ወሰንም በዚያው ቀን ከ83,000 ወደ 88,000 ፓውንድ ወጥቷል። ለውጡን ያስታወቁት በጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጄረሚ ሃንት ሲሆኑ፣ ይኸውም በማርች 6 ቀን 2024 ባሰሙት የበጀት ንግግር ነው። የቀድሞው ወሰን ከ2017 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ሳይነካ የቆየ ነበር። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደንቡ ሲነበብ ከዚህ የረዘመ አይደለም። ሆኖም በምግብ ቤት፣ በፀጉር ሥራ፣ በሸቀጣ ሸቀጥና በመሳሰለው ሥራ ለተሠማሩት አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ዜናው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይበልጥ አጥሮ «በዓመት ዘጠና ሺህ እስክትሞላ ማንም አይጠይቅህም» የሚል ቃል ይሆናል። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሦስት ስሕተቶች ተሸሽገዋል። «በዓመት» የተባለው ነጋዴው የሚያስበው ዓመት አይደለም፤ «ዘጠና ሺህ» የተባለውም ታክስ የሚከፈልበትን ሽያጭ ብቻ የሚመለከት መስሎ ይታያል፤ «ማንም አይጠይቅህም» የተባለው ደግሞ መጠየቁ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ አይናገርም። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። የአቆጣጠሩ ሥርዓት እንደ ቀድሞው ነው፤ ነጋዴውንም የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው።

ስለ ዓመቱ መጀመር ይሻላል። ለገቢ ግብር ሲባል የግለሰብ ነጋዴ ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን ያልቃል፤ ነጋዴውም መዝገቡን በዚያ ልክ መዝጋት የለመደ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ደንብ ግን እንዲህ ያለ ዓመት አያውቅም። እያንዳንዱ ወር ባለቀ ቁጥር፣ በመጨረሻው ቀን ላይ ቆሞ ወደ ኋላ አሥራ ሁለት ወር መቁጠርን ይጠይቃል። የአሥራ ሁለቱ ወር ሽያጭ ከ90,000 ፓውንድ ካለፈ ነጋዴው የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ወሰኑ በታለፈበት ወር ማብቂያ ተነሥቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለገቢና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ምዝገባውም የሚጸናው ወሰኑ ከታለፈበት ወር በኋላ ካለው ሁለተኛ ወር የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። ስለዚህ ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥራ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ሽያጩ ቢቀንስም አንድ ጊዜ የወደቀው ግዴታ በራሱ አይነሣም።

ሁለተኛው ጉዳይ በቁጥሩ ውስጥ ምን እንደሚገባ ነው፤ ይህም በተለይ ምግብ ለሚሸጡ ሰዎች ከሁሉ የበለጠ አስቸጋሪው ክፍል ነው። የብሪታንያ ሕግ ምግብን በሁለት ዐይን ያያል። በቤቱ ውስጥ ተቀምጠው የሚበሉት ማናቸውም ምግብ፣ እንዲሁም ትኩስ ሆኖ ተገዝቶ የሚወሰድ ምግብ የ20 በመቶ ታክስ ይከፈልበታል። እንደ ዳቦና እንደ ዱቄት ያለው ለቤት የሚገዛ ምግብ ግን በዜሮ ምጣኔ የሚታሰብ ነው። በዚህ መሠረት አንዱ እንጀራ ወጥ ፈስሶበት በገበታ ላይ ሲቀርብ 20 በመቶ ይከፈልበታል፤ ቀዝቅዞ በላስቲክ ታሽጎ ለሱቅ ሲሸጥ ምጣኔው ዜሮ ነው። ጀበና ቡናው በስኒ ሲቀዳ ታክስ አለበት፤ የቡናው ፍሬ በኪሎ ሲሸጥ ዜሮ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው «ዜሮ» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ከቁጥር ውጭ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በዜሮ ምጣኔ የሚሸጥ ዕቃ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ሆኖ፣ ምጣኔው ብቻ ዜሮ የሆነ ነው። በመሆኑም ወደ 90,000ው ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ከቁጥር ውጭ የሚሆነው «ከታክስ ነፃ» የተባለው ሌላው ክፍል ነው፤ ለምሳሌ ነጋዴው ከሱቁ በላይ ያለውን ክፍል ለመኖሪያ ቢያከራይ የሚያገኘው ኪራይ አይቆጠርም። ያረጀ ምጣድ ወይም መኪና የመሰለ የድርጅቱን ቋሚ ንብረት ቢሸጥም እንደዚሁ አይቆጠርም። እንግዳ በፈቃዱ የሚተወው ጉርሻም አይገባም፤ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ በግዴታ የተጻፈው የአገልግሎት ክፍያ ግን ይገባል። «በዜሮ ምጣኔ» እና «ከታክስ ነፃ» የተባሉት ሁለት ስሞች ለደንበኛው ኪስ አንድ ዓይነት መስለው ሳለ ለነጋዴው ምዝገባ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸው የሕጉ ውበት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ሆኖም ሕጉ ያለው በዚህ መልክ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር በዚህ ላይ መነሣት አለበት። የሚመዘገበው ሰው እንጂ ሱቅ አይደለም። አንድ ግለሰብ በስሙ ምግብ ቤትና የጽዳት ሥራ ቢያካሂድ፣ የሁለቱ ሽያጭ ተደምሮ ነው ከወሰኑ ጋር የሚነጻጸረው። ወሰኑን ለማምለጥ ሲባል ወጥ ቤቱን በባል፣ ቡናውን በሚስት ስም ማድረግም የሚያዋጣ አይሆንም። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ገንዘብ ተቀባይና በአንድ መዝገብ የሚሄዱ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደ አንድ ድርጅት እንዲመዘገቡ ለማዘዝ ሥልጣን አለው።

ይህ ሁሉ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በለንደን አንዲት ወይዘሮ አነስተኛ ምግብ ቤት አላቸው እንበል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያከፋፍላሉ፤ ሽሮና በርበሬም ይሸጣሉ። ከኤፕሪል እስከ ማርች ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በየወሩ ከገበታ የሚያገኙት 4,700 ፓውንድ፣ ከእንጀራውና ከቅመሙ የሚያገኙት 2,500 ፓውንድ፣ በድምሩ 7,200 ፓውንድ ነው። የዓመቱ ሽያጭ 86,400 ይሆናል። በቀድሞው ወሰን ቢሆን ወይዘሮዋ ከ85,000 በማለፋቸው መመዝገብ ነበረባቸው፤ በአዲሱ ወሰን ግን ግዴታ የለባቸውም። ለውጡ ለእርሳቸው ያመጣው ጥቅም በትክክል ይህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሥራው ጥቂት ደራ። ከኤፕሪል አንሥቶ ገበታው 5,200፣ እንጀራውና ቅመሙ 2,700፣ በድምሩ በወር 7,900 ፓውንድ ሆነ። ጭማሪው በወር 700 ፓውንድ ብቻ ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ግን አንድ የ7,200 ወር ከኋላ ይወጣና አንድ የ7,900 ወር ከፊት ይገባል። የአሥራ ሁለቱ ወር ድምር በኤፕሪል ማብቂያ 87,100፣ በሜይ 87,800፣ በጁን 88,500፣ በጁላይ 89,200፣ በኦገስት 89,900 ይሆናል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 90,600 ላይ ደርሶ ወሰኑን ያልፋል። ስለዚህ ወይዘሮዋ እስከ ኦክቶበር 30 ቀን ማስታወቅ አለባቸው፤ ከኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮም የተመዘገቡ ነጋዴ ናቸው።

ወይዘሮዋ ይህን የሚያዩበት ምክንያት ግን የላቸውም። በአእምሯቸው ያለው ቁጥር ታክስ ያለበት የገበታው ሽያጭ ነው፤ 5,200 በአሥራ ሁለት ሲባዛ 62,400 ስለሚሆን ከወሰኑ እጅግ የራቁ ይመስላቸዋል። ሁሉንም ቢደምሩ እንኳ መዝገቡ የሚዘጋው በኤፕሪል ነው። መዝገቡን በሚቀጥለው ኦክቶበር ወደ ሒሳብ ሠራተኛ ቢወስዱ፣ የገቢ ግብር ማስታወቂያው እስከ ጃኑዋሪ 31 ቀን ጊዜ ስላለው ቀድመው የመጡ ትጉህ ደንበኛ ናቸው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ዘግይተዋል።

የመዘግየቱ ዋጋ የሚታሰበው እንደሚከተለው ነው። ከኖቬምበር እስከ ኦክቶበር ባሉት አሥራ ሁለት ወራት የገበታው ሽያጭ 62,400 ፓውንድ ነበር። ወይዘሮዋ ታክስ ጨምረው ባያስከፍሉም፣ ሕጉ የተቀበሉትን ገንዘብ ታክሱን እንደያዘ አድርጎ ይቈጥረዋል። ከ120 ውስጥ 20 ማለት አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ የ62,400 አንድ ስድስተኛ 10,400 ፓውንድ ነው። እንጀራውና ቅመሙ በዜሮ ምጣኔ ስለሚታሰቡ ምንም አይጨምሩም። በዚያው ጊዜ ለመብራት፣ ለጋዝ፣ ለዕቃና ለጥገና ሲከፍሉ 1,900 ፓውንድ ታክስ ከፍለው፣ ደረሰኙንም ጠብቀው ከሆነ ያ ይቀነስላቸዋል፤ የሚቀርባቸው 8,500 ፓውንድ ነው። ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ቅጣቱ ከዚሁ ላይ እስከ 30 በመቶ፣ ማለትም እስከ 2,550 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ቀድመው ቢያስታውቁ በብዙ ይቀንሳል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ወይም በቂ ምክንያት ቢኖራቸው ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ዋናው ታክስ ግን አይቀርም። ያለፈው ዓመት እንግዳ በልቶ ሄዷል፤ ከእርሱ የሚሰበሰብ ነገር የለም፤ ታክሱ የሚወጣው ከወይዘሮዋ ትርፍ ነው።

በጊዜው ቢመዘገቡ ኖሮ ምርጫው የእርሳቸው በሆነ ነበር። 12 ፓውንድ የሚሸጡትን ገበታ በዚያው ዋጋ ቢተዉት ከእያንዳንዱ 2 ፓውንድ ለታክስ ይሄዳል፤ 12 ፓውንዱን ለራሳቸው ማስቀረት ከፈለጉ ደግሞ ዋጋውን 14 ፓውንድ ከ40 ማድረስ ያስፈልጋል። ሰፈሩ ይህን ዋጋ የማይችል ከሆነ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ይገኛል። የእንጀራውን ዋጋ ግን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ለመጋገሪያው የሚከፈለውን ታክስ ማስመለስ ስለሚቻል በዚያ በኩል ምዝገባው የሚጠቅም ይሆናል። ደንበኛን እንጀራ ብቻ ጋግሮ የሚያከፋፍል ሆኖ ያገኘ የሒሳብ ሠራተኛም ይህን ሊያስተውል ይገባል። ሽያጩ በአብዛኛው በዜሮ ምጣኔ የሆነ ነጋዴ ወሰኑን ቢያልፍም ከምዝገባ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን የሚያስመልሰው ገንዘብ ካለ መመዝገቡ ይሻለዋል።

ለምዝገባው ከበቃ በኋላ ዘግይቶም ቢሆን የሚገኝ አንድ ማካካሻ አለ። ከምዝገባው ቀን በፊት ባሉት አራት ዓመታት ተገዝተው በዚያ ቀን በሥራ ላይ ባሉ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ከስድስት ወር ወዲህ በተገኙ አገልግሎቶች ላይ የተከፈለውን ታክስ ማስመለስ ይቻላል። ማቀዝቀዣው፣ ምጣዱ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ሁሉ በዚህ ይገባሉ። ደረሰኝ የሌለው ግን ምንም አያገኝም፤ በጥሬ ገንዘብ ከሁለተኛ እጅ ሻጭ የተገዛ ዕቃም ብዙውን ጊዜ ታክስ ያልተከፈለበት ነው።

ሽያጩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ወሰኑን ላለፈበት ነጋዴ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ትልቅ የሠርግ ድግስ ደግሶ የአሥራ ሁለት ወሩ ድምር 93,000 ቢደርስ፣ የሚቀጥለው አሥራ ሁለት ወር ሽያጭ ከ88,000 ፓውንድ እንደማያልፍ ካስረዳ ከምዝገባው እንዲቀር ሊፈቀድለት ይችላል። መመዘኛው 90,000 ሳይሆን 88,000 መሆኑ ልብ ይባል። ማመልከቻው በዚያው በሠላሳው ቀን ውስጥ፣ ከማስረጃው ጋር መግባት አለበት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ማመልከት አይቈጠርም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ወደፊት በሚመጣው ሠላሳ ቀን ብቻ ከ90,000 በላይ እንደሚሸጥ ያወቀ ሰው ወደ ኋላ መቍጠር ሳያስፈልገው ካወቀበት ቀን ጀምሮ የሚመዘገብ ነው። ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ እምብዛም የሚደርስ አይደለም።

ቀድሞ በ85,000 ወሰን ዘመን ሳይመዘገብ ያለፈው ሰውስ? አዲሱ ወሰን ለእርሱ ይቅርታ አያመጣለትም። በ2022 ወሰኑን ያለፈ ነጋዴ የሚመዘነው በዚያን ጊዜ በነበረው ቁጥር ነው። «አሁን ከዘጠና ሺህ በታች ነኝ» ማለት ከዛሬ ምዝገባ ያድነው ይሆናል እንጂ ያለፈውን ዕዳ አያነሣም።

የሚቀረው ምዝገባን የማሰረዝ ጉዳይ ነው። በ2024ቱ ለውጥ በእርግጥ አዲስ በር የተከፈተለት ተመዝግቦ ሳለ ሽያጩ ከ83,000 በላይ ሆኖ ከ88,000 በታች የሚገኘው ነጋዴ ነው። በሩ ግን በራሱ አይከፈትም፤ ነጋዴው ማመልከት አለበት፤ እስኪሰረዝም ድረስ ታክስ ማስከፈሉንና ማስታወቁን ይቀጥላል። የሚታየው ያለፈው ሳይሆን የሚመጣው አሥራ ሁለት ወር ሽያጭ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። ሽያጩ በሙሉ 20 በመቶ የሚከፈልበት አንድ የተመዘገበ ምግብ ቤት በዓመት 100,000 ፓውንድ በሣጥኑ ቢያስገባ፣ ታክሱ ሲወጣ የራሱ ሽያጭ 83,333 ብቻ ነው። ከ88,000 በታች በመሆኑ ምዝገባውን ለማሰረዝ ያሰኘዋል። ነገር ግን ከተሰረዘ በኋላ የገበታውን ዋጋ ሳይቀንስ ቢቀጥል፣ በሣጥኑ የሚገባው 100,000 ከዚያ ወዲህ በሙሉ የራሱ ሽያጭ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህም ከ90,000 በላይ ስለሆነ ተመልሶ መመዝገብ ይመጣበታል። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ግምት መሠራት ያለበት ከስረዛ በኋላ በሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ዋጋውን ወደ 83,333 በሚያመጣው ልክ ከቀነሰ ስረዛው ይጸናል፤ ያን ጊዜ ግን የታክሱን ያህል የተጠቀመው ደንበኛው ነው፤ ነጋዴው በግዢው ላይ የሚከፍለውንም ታክስ ከእንግዲህ አያስመልስም።

በስረዛው ቀን በእጁ የቀረው ዕቃና ንብረትም ይቈጠራል። ሲገዛው ታክሱን ያስመለሰበት ማቀዝቀዣ፣ መጋገሪያ ወይም ያልተሸጠ ሸቀጥ ካለ፣ በዚያ ቀን ለራሱ እንደሸጠው ተቈጥሮ በመጨረሻው ማስታወቂያ ታክስ ይከፍልበታል። የዚህ ታክስ ድምር ከ1,000 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ ግን አይጠየቅም። 20 በመቶ በሚከፈልበት ዕቃ ይህ ማለት በዛሬ ዋጋው እስከ 5,000 ፓውንድ የሚገመት ንብረት ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ ወጥ ቤት ያስገባ ነጋዴ ከዚህ በላይ ሊኖረው ስለሚችል፣ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት የዕቃው ዝርዝርና ግምት ይሠራለት።